ዌብሳይታችሁ ደንበኛ ያመጣል? የመቁጠሪያ መንገዶቹን ስናወዳድር

ለድርጅቱ ዌብሳይት ያሠራ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው። "ይሄ ነገር ሥራ እያመጣልኝ ነው ወይስ ዝም ብሎ ተቀምጧል?" ዌብሳይቱን የሠራለት ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው የጎብኚ ብዛት ነው። በወር ይህን ያህል ሰው ገብቷል፣ ይህን ያህል ገጽ ተከፍቷል ይላል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ አይሆንም። ካቢኔት የሚሠራ ሰው ገቢው ዌብሳይቱን አይቶ ከሄደው ሰው አይመጣም። "ዋጋው ስንት ነው? መጥታችሁ ለኩልኝ" ካለው ሰው ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው። የመጀመሪያው "ጥያቄ መጣ" የምንለው ምን ሲሆን ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው የትኛውን መሣሪያ እንጠቀም የሚለው ነው። አብዛኛው ሰው ከሁለተኛው ይጀምራል። ጉግል አናሊቲክስ ይሻላል ወይስ ሌላ እያለ ይከራከራል። እኔ ግን መጀመሪያ መወሰን ያለበት የፊተኛው ነው ባይ ነኝ። የመቁጠሪያ መንገዱ ከተበላሸ የትኛውም መሣሪያ የተበላሸ ቁጥር ነው የሚሰጣችሁ።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ ኪችን ካቢኔትና ቁም ሳጥን የሚሠራ አነስተኛ ድርጅት አለ እንበል። ደንበኞቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ እዚሁ ከተማ አፓርታማ ወይም ኮንዶሚኒየም ተረክበው የሚያስጨርሱ ናቸው። እነዚህ ይደውላሉ፣ ወይም ቴሌግራም ላይ ይጽፋሉ። ሌሎቹ ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ዱባይ ሆነው አዲስ አበባ ቤት የሚያስጨርሱ ናቸው። እነሱ የቤቱን ፕላን በዋትስአፕ ይልካሉ፣ ወይም ማታ ከሥራ ገብተው ዌብሳይቱ ላይ ያለውን ፎርም ይሞላሉ። እንግዲህ ዌብሳይቱ አራት በር አለው ማለት ነው፤ ስልክ፣ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ፎርም። አራቱም በአንድ ዓይነት መንገድ አይቆጠሩም።

ፎርሙን በምን እንቁጠር?

ለፎርም ሦስት አማራጭ አለ።

የመጀመሪያው ምንም ሳትነኩ የሚሠራው ነው። ጉግል አናሊቲክስ 4 ሲተከል `Enhanced measurement` የሚባል ማብሪያ አለው። እሱ ከበራ አንድ ሰው ፎርም ሲልክ `form_submit` የሚል ክስተት በራሱ ይመዘግባል። ይመቻል፣ ግን አልመክረውም። በገጹ ላይ ያለውን የመፈለጊያ ሳጥንም፣ የኢሜይል መመዝገቢያውንም እንደ ፎርም ሊቆጥር ይችላል። ሰውየው የላከው መልእክት ሰርቨሩ ላይ ተሰናክሎ ቢቀርም "ተልኳል" ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ገጹን ሳይቀይሩ ከጀርባ የሚልኩ ፎርሞች ብዙ ጊዜ ያመልጡታል። ጉግል ፎርም ሠርታችሁ ዌብሳይታችሁ ውስጥ ለጥፋችሁ ከሆነማ ጭራሽ አያየውም። ያ ፎርም የሚኖረው በጉግል ገጽ ውስጥ እንጂ በእናንተ ገጽ ውስጥ አይደለም።

ሁለተኛው የላኪውን ቁልፍ መንካት መቁጠር ነው። ይህ ከሁሉም ይብሳል። ስልክ ቁጥሩን ሳይሞላ ሦስት ጊዜ የነካ ሰው ሦስት ጥያቄ ሆኖ ይቆጠራል።

ሦስተኛው የምስጋና ገጽ ነው። ፎርሙ በትክክል ከተላከ በኋላ ሰውየው "መልእክትዎ ደርሶናል፣ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ እንደውላለን" የሚል የራሱ አድራሻ ያለው ገጽ ላይ ይደርሳል፤ ለምሳሌ `/thank-you/`። ከዚያ ያን ገጽ የደረሰውን ሰው ትቆጥራላችሁ። ከሦስቱ የምመርጠው ይህን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከዌብሳይቱ ውስጥ ወደዚያ ገጽ የሚወስድ ሌላ መንገድ የለም። ደግሞም የትኛውንም መሣሪያ ብትጠቀሙ ይሠራል፤ ነገ መሣሪያ ብትቀይሩም መቁጠሪያው አይፈርስም።

ዌብሳይታችሁ በዎርድፕረስ ተሠርቶ `Contact Form 7` የሚጠቀም ከሆነ ፎርሙ ሲላክ ገጹ አይቀየርም። ከታች አንድ አጭር ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያሳየው። መልእክቱ በተሳካ ሁኔታ ሲወጣ ወደ ምስጋናው ገጽ እንዲወስድ የምታደርገው ኮድ ይህች ናት፦

```html
<script>
document.addEventListener('wpcf7mailsent', function () {
  location = '/thank-you/';
});
</script>
```

ከዚያ ጉግል አናሊቲክስ ውስጥ `Admin` ገብታችሁ `Events` የሚለው ጋ አዲስ ክስተት ትፈጥራላችሁ። ስሙን `generate_lead` በሉት። ሁኔታው ሁለት መስመር ነው፤ `event_name` ከ`page_view` ጋር እኩል ይሁን፣ `page_location` ደግሞ `/thank-you` የሚለውን ይያዝ። ከዚያ ይህን ክስተት `Key event` ብላችሁ ምልክት ታደርጉበታላችሁ። ድሮ "ኮንቨርዥን" ይባል የነበረው ነው፤ ጉግል በ2024 ስሙን ቀይሮታል። አቆጣጠሩን `Once per session` አድርጉት። ካልሆነ ሰውየው የምስጋናውን ገጽ ሪፍሬሽ ባደረገ ቁጥር ጥያቄው ይባዛል።

እዚህ ጋ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ምልክቱ የሚሠራው ካደረጋችሁበት ቀን ጀምሮ ነው። ያለፈውን ወር ወደኋላ ተመልሶ አይቆጥርላችሁም። ሁለተኛ፣ የምስጋናው ገጽ ጉግል ፍለጋ ላይ እንዳይወጣ `noindex` ይደረግበት። አለበለዚያ ፎርም ያልሞላ ሰው ከፍለጋ በቀጥታ ገብቶ ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ የደንበኛው ስምና ስልክ በገጹ አድራሻ ላይ እንዳይጻፍ ተጠንቀቁ። አንዳንድ ፎርም የተሞላውን ሁሉ `?name=...&phone=...` እያለ አድራሻው ላይ ይለጥፈዋል። ያኔ የሰዎቹ ስልክ ቁጥር ወደ ጉግል ይሄዳል። ጉግል ራሱ ይህን በደንቡ ይከለክላል፤ ለደንበኞቻችሁም ተገቢ አይደለም።

ቴሌግራምና ዋትስአፕ

እዚህ ላይ አማራጩ ሁለት ነው፤ ክሊኩን መቁጠር ወይም የደረሰውን መልእክት መቁጠር።

ክሊኩን መቁጠር ቀላል ነው። የ`t.me` እና የ`wa.me` ሊንኮች ከዌብሳይታችሁ ውጭ የሚወስዱ ስለሆኑ ጉግል አናሊቲክስ `click` በሚል ስም በራሱ ይመዘግባቸዋል። ከላይ እንዳደረጋችሁት አዲስ ክስተት ፈጥራችሁ `event_name` ከ`click`፣ `link_domain` ደግሞ ከ`t.me` ጋር እኩል ይሁን ብትሉ የቴሌግራሙ ለብቻው ይወጣል። ለዋትስአፑም እንዲሁ። ኮድ አያስፈልግም። አንድ ማጣራት ያለባችሁ ነገር ግን አለ። ገጹ ጥግ ላይ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ የዋትስአፕ ምልክት አንዳንዴ `api.whatsapp.com` የሚል አድራሻ ይጠቀማል። አንዳንዴ ደግሞ ከነጭራሹ ሊንክ ሳይሆን በስክሪፕት የሚከፈት ቁልፍ ነው። እንዲህ ከሆነ አይቆጠርም። በራሳችሁ ስልክ ነክታችሁ እዩት።

ችግሩ ክሊክ ጥያቄ አለመሆኑ ነው። ሰው ይነካል፣ ቴሌግራም ይከፈታል፣ "ቆይ በኋላ" ብሎ ይወጣል። በስህተት አውራ ጣቱ የነካውም አለ። ስለዚህ ክሊኩን ብቻ የሚቆጥር ድርጅት ዌብሳይቱ ከሚያመጣው በላይ ያመጣል ብሎ ያምናል።

ሁለተኛው መንገድ መልእክቱን አስቀድሞ መጻፍ ነው። ሊንኩ ሲነካ የመጻፊያው ሳጥን ባዶ ሆኖ አይከፈትም። መነሻ ጽሑፍ ይዞ ይከፈታል። ሰውየው የሚቀረው መላክ ወይም መጨመር ነው። እንዲህ ይጻፋል፦

```
https://wa.me/2519XXXXXXXX?text=Selam%20W1
https://t.me/yourname?text=Selam%20W1
```

`W1` የኪችን ገጹ ምልክት፣ `W2` የቁም ሳጥኑ ገጽ ምልክት ሊሆን ይችላል። መልእክቱ ሲደርሳችሁ ከዌብሳይቱ የትኛው ገጽ እንደመጣ ወዲያው ታውቃላችሁ። ጽሑፉን በአማርኛ ማድረግም ይቻላል፤ ሊንኩ ውስጥ ሲገባ ረጅም የመቶኛ ምልክት ሰልፍ ስለሚሆን ግን አጭር አድርጉት። አንዳንድ ሰው ምልክቱን አጥፍቶ የራሱን ይጽፋል። ስለዚህ ይህ ቁጥር ከእውነቱ ትንሽ ያንሳል። እኔ ግን ከክሊኩ ይልቅ ይህን አምናለሁ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ጽፎ የላከ ሰው አለ።

ስልክ፣ ከሁሉም የሚከብደው

የእኛ ሀገር ደንበኛ ይደውላል። አናሊቲክስ ደግሞ በጣም የሚደክመው እዚሁ ላይ ነው። የስልክ ሊንክ፣ `tel:` ብሎ የሚጀምረው፣ ወደ ሌላ ዌብሳይት ስለማይወስድ በራሱ አይቆጠርም። በእጅ መጨመር አለበት፦

```html
<a href="tel:+2519XXXXXXXX"
   onclick="gtag('event','phone_click')">ደውሉልን</a>
```

ይህ የሚሠራው የጉግሉ ኮድ በቀጥታ ገጹ ላይ ከተተከለ ነው። በ`Google Tag Manager` ከተተከለ ግን እዚያው ውስጥ ሊንኩ `tel:` ሲይዝ የሚነቃ ማስነሻ መሥራት ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ግን የምትቆጥሩት ከስልክ ሆኖ ሊንኩን የነካውን ብቻ ነው። ቢሮ ላፕቶፕ ላይ ቁጥሩን አይቶ በእጅ ስልኩ የደወለውን አታዩትም። ቁጥሩን ለባለቤቱ ስክሪንሾት አድርጎ የላከውንም አታዩትም። በሌላ በኩል ነክቶ ሳይደውል የተወውም ተቆጥሯል። ሁለቱ ስህተቶች በተለያየ አቅጣጫ ስለሚሄዱ ቁጥሩ ከእውነቱ ይብለጥ ይነስ በዓይን አይታወቅም።

ሌላው አማራጭ ቴክኖሎጂ የለውም ማለት ይቻላል። አንድ አዲስ ሲም ካርድ አውጡ። ቁጥሩን ዌብሳይቱ ላይ ብቻ አድርጉት። ቢዝነስ ካርድ ላይ፣ ታፔላ ላይ፣ ቴሌግራም ቻናል ላይ፣ ጉግል ማፕ ላይ የድሮው ቁጥር ይቆይ። ሁለት ሲም በሚይዝ ስልክ ላይ ብታስገቡት ሲጠራ የትኛው ሲም እንደሆነ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ሲሙን "ዌብ" ብላችሁ ስም ስጡት። ወሩ ሲያልቅ በዚያ ሲም የገቡትን አዳዲስ ቁጥሮች መቁጠር ነው። የሚደጋግም ሰው አንድ ነው።

ውጭ ሀገር ለእያንዳንዱ ጎብኚ የተለየ ቁጥር የሚያሳዩ፣ በክፍያ የሚሰጡ አገልግሎቶች አሉ። ለእኛ አንድ ሲም ይበቃል። ድክመቱ ጊዜ ነው። ደንበኛ ቁጥሩን ለጎረቤቱ ይሰጣል፣ ጎረቤት ለወንድሙ ይሰጣል። ከዓመት በኋላ በዚያ ሲም የሚደውለው ሁሉ ከዌብሳይት የመጣ አይሆንም። ስለዚህ ስልክ የሚያነሳው ሰው "በማን በኩል አገኙን?" ብሎ መጠየቁን ይቀጥል። ሰው "ኢንተርኔት ላይ" ይላል፤ ዌብሳይት ይሁን ቲክቶክ አይለይም። ስለዚህ "ምን አይተው ደወሉ?" ብሎ ማስከተል ይሻላል። "ያቺ ነጭ ካቢኔት" ካለ ፎቶው የት እንዳለ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ

መቁጠሪያው ከተወሰነ የመሣሪያው ምርጫ ቀላል ይሆናል። በእርግጥ የሚነጻጸሩት አራት ናቸው፤ ደብተር ብቻ፣ ጉግል አናሊቲክስ 4፣ ማቶሞና ፕላውሲብል።

ደብተሩን አትናቁት። ሲሙ፣ `W1` ምልክቱና ወደ ኢሜይል የሚገባው ፎርም ካሉ ምንም አናሊቲክስ ሳይተከል በወር ስንት ጥያቄ ከዌብሳይቱ እንደመጣ ይታወቃል። ኤክሴል ወይም ጉግል ሺት ላይ አምስት ዓምድ ይበቃል፤ ቀን፣ በር፣ የጠየቀው ነገር፣ ልኬት ተወሰደ ወይ፣ ቀብድ ከፈለ ወይ። ደብተሩ የማይነግራችሁ ጥያቄው የመጣው ሰው ከየት ወደ ዌብሳይቱ እንደገባ ነው። ከጉግል ፍለጋ? ከቴሌግራም ቻናላችሁ? ከከፈላችሁበት ማስታወቂያ? ማስታወቂያ የማትከፍሉ ከሆነና ጥያቄው በወር ከአሥር የማይበልጥ ከሆነ ግን ይህን ማወቅ ብዙም አይለውጥም። በደብተሩ ቀጥሉ።

ጉግል አናሊቲክስ 4 በነጻ ነው። የጉግል ማስታወቂያ የምትከፍሉ ከሆነ ሌላ ምርጫ ውስጥ አትግቡ። የቆጠራችሁትን ጥያቄ ወደ ማስታወቂያው አካውንት መውሰድ ይቻላል፤ ያኔ የትኛው የፍለጋ ቃል ጥያቄ እንዳመጣ ይታያል። ያለማስታወቂያም ቢሆን ለካቢኔት ሥራ አንድ ጥቅም አለው። ሰው ዛሬ አይቶ ነገ አያዝም። ከቤተሰብ ይመክራል፣ ዋጋ ያወዳድራል፣ ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል። ጉግል በኩኪ አማካኝነት ሰውየውን ሲመለስ ያስታውሰዋል። በአይፎን ሳፋሪ ላይ ግን እንዲህ ያለ ኩኪ ሰውየው ካልተመለሰ በሰባት ቀን ይጠፋል። ከአሜሪካ የሚገቡት ደንበኞቻችሁ ብዙዎቹ አይፎን ከያዙ ይህን አስቡት። ዛሬ ያየ፣ በአሥረኛው ቀን የተመለሰ ሰው እንደ አዲስ ጎብኚ ይመዘገባል።

ስትተክሉት ወዲያው የምትቀይሩት አንድ ነገር አለ። `Data retention` የሚለው ሲተከል ሁለት ወር ላይ ነው የሚሆነው። ወደ 14 ወር አድርጉት። ካልሆነ ዝርዝር ምርመራ የምትሠሩበት `Explore` ከሁለት ወር በፊት የነበረውን አያሳያችሁም። ባለፈው ዓመት ይህ ጊዜ እንዴት ነበር ብሎ ማወዳደር የሚፈልግ ሰው በጣም ይቆጨዋል።

ማቶሞ ድሮ ፒዊክ ይባል የነበረው ነው። በራሳችሁ ሆስት ላይ ከጫናችሁት ነጻ ነው፤ የሚፈልገው ፒኤችፒና ማይኤስኪውኤል ስለሆነ ዎርድፕረስ የሚሠራበት ሆስት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ዳታው እናንተው ጋ ይቀመጣል፤ ሁለት ወር፣ 14 ወር የሚል ገደብ የለም። "ግብ" የሚለው ክፍልም ከጉግሉ የበለጠ ግልጽ ነው። ይህን ገጽ ሲጎበኝ፣ ወደዚህ ውጫዊ ሊንክ ሲሄድ ብላችሁ ትመርጣላችሁ፣ አለቀ። ዋጋው የሚከፈለው በሌላ መንገድ ነው፤ የሚያዘምነው ሰው ያስፈልጋል። ሳይታደስ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ሶፍትዌር ለመላው ሆስት አደጋ ነው። ቋሚ የአይቲ ሰው ያለው ድርጅት፣ ወይም የደንበኛ መረጃ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚፈልግ ክሊኒክ ወይም የሕግ ቢሮ ይምረጠው። ለካቢኔት ቤቱ አይመስለኝም።

ፕላውሲብል ውብ ነው። አንድ ገጽ ላይ ሁሉ ነገር ይታያል፣ ስክሪፕቱ በጣም ቀላል ስለሆነ ደካማ ኔትወርክ ላይ ገጹን አያከብደውም፣ ኩኪ አይጠቀምም። አውሮፓ ውስጥ ያሉ ጎብኚዎች ላላችሁ ይህ የመጨረሻው ነገር ትልቅ ነው፤ የኩኪ ፈቃድ የሚጠይቀውን ሳጥን ከማቆም ይገላግላል። ግን ወርሃዊ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው። ሌላም አለ። ጎብኚን የሚለይበት ምልክት በየቀኑ ስለሚቀየር የዛሬው ሰው ነገ ሲመለስ እንደ አዲስ ሰው ነው የሚያየው። በአንድ ቁጭታ ለሚወሰን ነገር፣ ለምሳሌ ለኬክ ትዕዛዝ፣ ችግር የለውም። ሳምንታት ለሚወስደው ለኪችን ካቢኔት ግን ደንበኛው መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ይጠፋል።

የክላውድፌር አናሊቲክስም የማይክሮሶፍት ክላሪቲም ነጻ ናቸው፣ ብዙ ሰውም ይጠይቀኛል። የክላውድፌሩ ግብ መቁጠሪያ የለውም፣ ስለዚህ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ክላሪቲ የጎብኚውን እንቅስቃሴ እንደ ቪዲዮ ያሳያል። ሰዎች ፎርሙን ጀምረው የት ጋ እንደሚተዉት ለማየት ግሩም ነው። ለቆጠራ ግን አትጠቀሙበት።

ለካቢኔት ቤታችን የምመርጠው ደብተሩንና ጉግል አናሊቲክስ 4ን አንድ ላይ ነው። ደብተሩ ስንት ጥያቄ እንደመጣ ይናገራል። ጉግሉ ከየት እንደመጣ ይጠቁማል።

አንድ ሥራ ግን ለሁሉም መሣሪያ የግድ ነው። ቴሌግራም ቻናል ላይ የምትለጥፉት ሊንክ እንዲህ ምልክት ይኑረው፦

```
https://example.com/kitchen/?utm_source=telegram&utm_medium=social
```

ያለዚህ ከቴሌግራም አፕ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ `Direct` ተብሎ ይመዘገባል። አድራሻውን በእጁ ጽፎ የገባ ይመስላል። ቻናሉ ላይ የምትደክሙት ሁሉ ሪፖርቱ ላይ ሳይታይ ይቀራል።

ከመጀመሪያው ወር በፊት መሞከር

ሁሉንም በር በራሳችሁ እጅ ክፈቱ። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በስልክ ዳታ ግቡ። ፎርሙን ሙሉ፣ ቴሌግራሙን ንኩ፣ ዋትስአፑን ንኩ፣ ስልኩን ንኩ። በሌላ ኮምፒውተር ጉግል አናሊቲክስ ላይ `Realtime` የሚለውን ከፍታችሁ ጠብቁ። ክስተቶቹ በደቂቃዎች ውስጥ መታየት አለባቸው። ዋናው ሪፖርት ግን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይዘገያል፤ ዛሬ ሞክራችሁ ነገ ጠዋት ባዶ ብታገኙት አትደንግጡ።

የሠራተኞቻችሁ ጉብኝት እንዳይቆጠር ማድረግ ያስቸግራል። ጉግሉ በአይፒ አድራሻ ማጣሪያ አለው፣ ግን በስልክ ዳታ ስንገባ አይፒው ይቀያየራል። ደግሞ ማጣሪያው ሲፈጠር `Testing` ላይ ነው የሚቆየው፤ `Active` ካላደረጋችሁት ምንም አያጣራም። ቀላሉ መፍትሔ የሙከራ መልእክቶችን ደብተሩ ላይ "ሙከራ" ብሎ ጽፎ በወሩ መጨረሻ መቀነስ ነው።

ወሩ ሲያልቅ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ

ለምሳሌያችን ቁጥር እናውጣለት። በወሩ 640 ጉብኝት አለ። ጉግሉ ላይ የምስጋናውን ገጽ የደረሰ 9፣ ቴሌግራም የነካ 31፣ ዋትስአፕ የነካ 14፣ ስልክ የነካ 22 ነው። ደብተሩ ላይ ደግሞ በኢሜይል የደረሰ ፎርም 6፣ ምልክት ያለው የቴሌግራም መልእክት 12፣ የዋትስአፕ 9፣ በዌብ ሲሙ የደወለ አዲስ ሰው 27 ነው።

ጉግሉን ብቻ ያየ ሰው 76 ጥያቄ መጣ ይላል። ደብተሩን ያየ 54 ይላል። ልዩነቱን በር በበር ስታዩት እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ አለው።

የቴሌግራሙ 31 እና 12 የሚጠበቅ ነው። ነክተው የተዉ አሉ፣ ምልክቱን አጥፍተው የጻፉም አሉ። ግን 12ቱ ወደ 3 ቢወርድ ሊንኩ የተሳሳተ አካውንት እየከፈተ እንደሆነ ጠርጥሩ። የስልኩ በተቃራኒው ነው፤ የተደወለው ከተነካው ይበልጣል። ላፕቶፕ ላይ አይተው የደወሉት እነዚያ ናቸው። ጉግሉን ብቻ ብታምኑ የስልኩን ድርሻ አሳንሳችሁ ታዩት ነበር።

በጣም ሊያሳስባችሁ የሚገባው ትንሹ ልዩነት ነው፤ ፎርሙ 9 ተልኮ 6 ብቻ መድረሱ። አንዱ የእናንተው ሙከራ ነው እንበል። ሁለቱ የት ሄዱ? ዎርድፕረስ ኢሜይል የሚልከው ብዙ ጊዜ በሆስቱ በኩል በቀጥታ ነው። ጂሜይል እንዲህ ያለውን መልእክት ስፓም ውስጥ ይከተዋል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይቀበለውም። ለሰውየው "መልእክትዎ ደርሶናል" ተብሎታል። ዋሽንግተን ሆኖ የእናንተን ስልክ ይጠብቃል፤ እናንተ ግን አላያችሁትም። የስፓሙን ሳጥን ክፈቱ። ከዚያ ኢሜይሉ በትክክለኛ የኢሜይል አካውንት በኩል እንዲወጣ የኤስኤምቲፒ ፕለጊን አስገቡ፤ የተላከውን ሁሉ ዌብሳይቱ ውስጥም የሚያስቀምጥ ፕለጊን ጨምሩ። `Contact Form 7` በራሱ የተላከውን አያስቀምጥም፤ ኢሜይሉ ከጠፋ ጥያቄውም ጠፋ ማለት ነው። ይህን ስህተት አናሊቲክስ ብቻውን አያሳይም። ደብተርም ብቻውን አያሳይም። ሁለቱን ስታስተያዩ ነው የሚወጣው።

ቀጥሎ ከ54ቱ የማይረቡትን አውጡ። ከስድስቱ ፎርሞች ሁለቱ "ዌብሳይትዎን ጉግል ላይ አንደኛ እናደርጋለን" የሚሉ ማስታወቂያዎች ናቸው እንበል። ከደወሉት ውስጥ ሥራ ፈላጊና ኤምዲኤፍ የሚሸጥ ነጋዴ አሉ፤ አምስት ይሁኑ። 47 ቀረ። ከ47ቱ 11 ዱ ልኬት አስወስደዋል፣ 4ቱ ቀብድ ከፍለዋል። አሁን "ዌብሳይቱ ሥራ እያመጣልኝ ነው ወይ?" ለሚለው መልስ አለ። 4 ሥራ በወር አምጥቷል። ለሆስት፣ ለዶሜይንና ለባለሙያው ከወጣው ጋር አስተያዩት።

ከዚያ በላይ ለመሄድ አትቸኩሉ። በዋትስአፕ ከመጡት 2 ቀብድ ከፈሉ፣ በቴሌግራም ከመጡት 1 ብቻ ብሎ ቴሌግራሙን መዝጋት ስህተት ነው። እንዲህ ባለ ትንሽ ቁጥር አንድ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ነገሩ ይገለበጣል። ሦስት አራት ወር ደምሩና እዩ። እስከዚያ ድረስ የፎርሙን ጥያቄ፣ የስልኩን ቁጥርና የገጹን አቀማመጥ አንድ ላይ አትቀያይሩ። አንድ ነገር ስትቀይሩ ቀኑን ደብተሩ ላይ ጻፉት። ጥያቄው ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ምን ተለውጦ እንደነበር ከዚያ ላይ ታገኙታላችሁ።